ሮቦቱ ሸጠ፣ ተጠያቂዋ እኔ

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። ያ የትሬዲንግ ሮቦት፣ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ጽፎት ዱባይ የገባው። ልጁ ሄደ፣ ሮቦቱ የሠራውን የሚመዘግብበት ሎግ ቀረ፣ መከራው እኔ ላይ ወደቀ።

ዓርብ ዕለት ሮቦቱ ሸጠ፣ ገበያው ወዲያው ተገልብጦ ወጣ፣ የደንበኛው ገንዘብ ሄደ። «ለምን ሸጠ?» ብሎ ጻፈልን። መብቱ ነው። አለቃዬ ታዲያ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ያለው ይቺው ናት፦

```
12:30:02 SELL OK
```

«12 ሰዓት ተኩል ላይ ምን ተፈጠረ?»
«12 ሰዓት ተኩል አይደለም።»
«12 ከ30 ይላል እኮ። ማንበብ አትችልም እያልሽኝ ነው?»
«ኧረ ይቅርታ፣ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።»
«የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

የትም አልተጻፈም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ሳትቀር! እሷ እኮ ባለፈው የታክሲ ብሬን ያለ ደረሰኝ አልከፍልም ያለችኝ ናት። ለ30 ብር ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ሮቦቱ ግን ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ ሦስት ቃል ይበቃዋል።

ሰዓቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በበጋቸው 12:30 ዩቲሲ ማለት ዋሽንግተን ከጠዋቱ 8:30 ነው፣ ገበያውን የሚያናውጠው የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት የሚወጣባት ደቂቃ። ክረምታቸው ሲገባ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ያው ሪፖርት 13:30 ላይ ይመጣል። እኛ አንቀይርም። ቀንና የሰዓት ቀጠና የሌለው ሎግ ይዛችሁ ይህን አወራርዱ እስቲ።

አላበቃም። አለቃዬ ቻርቱን ከፈተና «ሁለቱ የአማካይ መስመሮች እዚህ አልተሻገሩም፣ ሮቦቱ ከየት አምጥቶ ነው የሸጠው?» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሮቦቱ የሚሸጠው የቅርቡን ዋጋ ቶሎ የሚከተለው ፈጣኑ አማካይ ከዝግተኛው በታች ሲወርድ ነው። ቻርቱ ላይ አንዱ ካንድል የ15 ደቂቃ ዋጋ ነው፣ ሮቦቱ ግን እስኪዘጋ አይጠብቅም። በሁለተኛው ሰከንድ ዋጋው ዘጭ ሲል ፈጣኑ አማካይ ከዝግተኛው በታች ወረደ፣ ሸጠ። 12:45 ላይ ካንድሉ ሲዘጋ ዋጋው ተመልሷል፣ መስመሩም አብሮ ተመለሰ። ቻርቱ የሚያሳያችሁ የተዘጋውን ነው። ሮቦቱ ያየውን ቁጥር በዚያች ቅጽበት ካልጻፈው፣ በኋላ ከቻርቱ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። እኔ ያወቅሁት የደላላውን ዋጋ በየሰከንዱ አውርጄ ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላ አድሬ ነው። መብራት ሄዶ እንደነበር ደግሞ አልነግራችሁም።

ለመሆኑ «OK» ምኑ ነው እሺ? ትዕዛዙ ተላከ? ደላላው ተቀበለው? ወይስ ተሸጠ? ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። የተላከበትና የተሸጠበት ዋጋም እንዲህ ባለ ደቂቃ በጣም ሊራራቅ ይችላል።

አሁን የጻፍኩት ይሄ ነው፣ ለአንድ ውሳኔ አንድ መስመር፦

```
{"ts":"2025-06-06T12:30:02.114Z","id":"D-4471",
"ev":"decision","act":"SELL","rule":"ma_cross",
"closed":false,"fast":"1.14210","slow":"1.14216",
"bid":"1.14208","ask":"1.14231","cfg":"a91f3c"}
```

(እዚህ እንዲታያችሁ ሰባበርኩት እንጂ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ነው።) መጨረሻው ላይ ያለችው `Z` ዩቲሲ መሆኑን ትናገራለች። `closed` ላይ `false` ስታዩ ነገሩ ሁሉ አለቀ፣ ካንድሉ ሳይዘጋ ነው የወሰነው። `cfg` የትኛው የኮድና የሴቲንግ ቅጂ እየሠራ እንደነበር ነው፤ ያ ልጅ ማክሰኞ ቁጥር ቀይሮ ሐሙስ የሚመልስ ሰው ነበራ። ይቺ መስመር የምትጻፈው ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት ነው፣ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ ምን ሊያደርግ እንደነበር ይቀራል። የደላላው መልስና የተሸጠበት ዋጋ ያንኑ `id` ይዘው ለየራሳቸው መስመር ይገባሉ። የቀድሞውን መስመር ገብቶ ማረም የለም።

ሮቦቱ ያልሸጠበትም ይጻፋል! ባለፈው ደንበኛው «ረቡዕ ለምን ዝም አለ?» ሲለን ሎጉ ባዶ ነበር። የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ልዩነት፣ ስፕሬዱ፣ ሰፍቶበት ትቶት ነው? ኔትወርክ ተቋርጦ ሞቶ ነው? ባዶ ፋይል ሁለቱንም አይነግራችሁም። አሁን ካንድል በተዘጋ ቁጥር `SKIP` ብሎ ምክንያቱን ይጽፋል። ያ መስመር ከጠፋ ፕሮግራሙ ቆሟል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለአለቃዬ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ዲስኩን አይሞላብንም?»

በቀን 96 ካንድል ነው፣ መስመሯ 300 ባይት ብትሆን ወደ 30 ኪሎባይት። የዓመቱ ቢደመር 10 ሜጋባይት አካባቢ። ትናንት በግሩፑ የላከው የእህቱ ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል፣ እሱንም አውርደን «እንኳን ደስ አለዎት» ብለናል።