ሹር ነው፣ ጋሼ!

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ የተጠበሰ አሳዬን ከአጥንቱ ስለይ፣ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ከጎኔ ዱብ አለ። አሳውን አላየም። እኔንም በቅጡ አላየኝም። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ብር ያበድሩኛል?»

«ለምን?»

«አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል። ስድስተኛው ሹር ነው!»

ይህን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ፣ በየቤቲንግ ቤቱ በር ላይ አለ። እኔ በበኩሌ ከልብ አደንቀዋለሁ። እኛ ትናንት ምሳ ምን እንደበላን ይጠፋናል፤ እሱ የሚመጣውን እሁድ ያውቃል። ለዚህ ሁሉ ዕውቀት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አምስት አረንጓዴ ምልክት።

ይህ ጥበብ ለምን በኳስ ብቻ ተወስኖ ይቀራል? እዚሁ ሐይቁ ላይ እንሞክረው። አንድ ባለታንኳ አሳ አጥማጅ አስቡ። በቀን ወደ አሥር አሳ ያወጣል። አንድ ቀን ስድስት፣ ሌላ ቀን አሥራ አራት፤ መሐሉ ግን አሥር ነው። አንድ ሳምንት ላይ ሰኞ 16፣ ማክሰኞ 18፣ ረቡዕ 15፣ ሐሙስ 19፣ ዓርብ 22 አወጣ። በሹር ጌም ሳይንስ መሠረት ይህ ሰው ከእንግዲህ አይቆምም። ቅዳሜ 25 ነው፣ እሁድ 28። በወሩ መጨረሻ ታንኳው ስለማይችል አይሱዙ ይከራያል። ለገና ጣና ይደርቃል። ዓባይም ውሃ አጥቶ ይቆማል፤ የታችኞቹ ሀገራት ደብዳቤ ይጽፉልናል።

እስከዚያው ወጣቶቻችን ምሥጢሩን ያጠናሉ። አንዱ «ኮፍያው ነው» ይላል። እውነትም ሰኞ ኮፍያ አድርጎ ነበር። ሁለተኛው «አይ፣ ደንገሉ ነው፤ ታንኳው አዲስ ነው» ይላል። ሦስተኛው አሰላለፉን ይተነትናል፦ መረቡን ከግራ ሲጥል ያሸንፋል። ኮፍያው በምሽት ውይይት ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ቅዳሜ ማለዳ ሁሉም ዳር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሰውዬው 11 አሳ ይዞ መጣ።

ዝምታ። ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። ቡዳ በላው? ደከመው? ብዙም ሳይቆይ እውነቱ ተገኘ፦ ዓርብ ማታ ሚስቱ ኮፍያውን አጥባዋለች! የሳሙናው ዓይነት ተጣራ። እሷም እስከ ዛሬ ከነገሩ ነፃ አልወጣችም። 11 ማለት ከሰውዬው የዘወትር ቀን በአንድ የበለጠ መሆኑን ያስታወሰ ግን አልነበረም። ሰውዬው ምንም አልሆነም። አሥር ገደማ የሚያወጣ ሰው አሥር ገደማ አወጣ።

ነገሩ ይኸው ነው። ማንኛውም ውጤት ከችሎታና ከዕድል ይቀላቀላል። አንድን ቡድን «አምስት አሸንፏል» ብለን ስንመርጥ፣ ችሎታው ከዕድሉ ጋር የገጠመበትን ሰሞን ነው የመረጥነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ችሎታው ይመጣል። ዕድሉ ግን ቀጠሮ የለውም። ይህን ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ለክቶ አሳይቶታል፦ በጣም ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች ረጃጅም ናቸው፣ በአማካይ ግን የወላጆቻቸውን ያህል አይረዝሙም።

ወደ ባጃጅ ነጂው ቡድን እንመለስ። ባለፈው ዓመት ከ38 ጨዋታ 19ኙን አሸንፏል፤ ልክ ግማሹን። ጨዋታውን ዘውድና ጎፈር አድርገን ብንወረውረው እንኳ፣ በሁለት የውድድር ዘመን ውስጥ በአማካይ አንድ ጊዜ አምስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ድል ይገኛል። ሊጉ ውስጥ ደግሞ ሃያ ቡድን አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንዱ «እሳት ላይ» ነው። ልጁም ሁልጊዜ እሱን ያገኘዋል።

ታዲያ አምስቱ ድል ምንም አይነግረንም? ይነግረናል፣ ግን በልኩ። ለቀድሞው ልማዱ የ20 ጨዋታ ክብደት እንስጠው፤ ግማሹ አሥር ድል ነው። አዲሶቹን አምስት እንጨምር። ከ25 አሥራ አምስት፣ ማለትም 60 በመቶ። ከ50 ከፍ ብሏል፤ መቶ ግን አይደለም፣ የመቶ ጎረቤትም አይደለም። የልጁ ቲኬት ላይ ያለው ኦድ 1.55 ነው። 200 ብር ካስያዘ ሲያሸንፍ 310 ይመለስለታል። ሳይከስር ለመቀጠል ከመቶ ጨዋታ 65ቱን ማሸነፍ አለበት። በ60 ግን በአማካይ የሚመለስለት 186 ነው። አሥራ አራት ብር በየቲኬቱ ይተናል። አምስት እንዲህ ያሉ ቡድኖችን በአንድ ቲኬት ካሰረ ደግሞ (እሱ ደግሞ ያስራል!) አምስቱም የሚያሸንፉት ከመቶ ስምንት ጊዜ ገደማ ነው። የሁለት መቶ ብሩ አማካይ ተመላሽ ወደ 139 ይወርዳል።

ስድስተኛው ይሸነፋል አላልኩም። ያ የዚህኛው ስህተት እህት ነው፤ «አሁንስ ተራው መሸነፍ ነው» የሚለው። ኳሱ ያለፈውን አምስት አያስታውስም። የቡድኑ አማካይ ውጤትም ራሱ ከፍ ሊል ይችላል፤ ጥሩ አጥቂ ከገዙ ያ ዕድል አይደለም። ለመለየት ጎሎቹን እዩ። አምስቱም አንድ ለባዶ ከሆኑ፣ በረኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሲያወጣ ከከረመ፣ ከሚፈጥሩት የጎል ዕድል አንጻር የሚያስቆጥሩት እጅግ ከበዛ፣ ያ የሰኞ ኮፍያ ነው።

ሌስተር ሲቲን አስታውሱ። በ2014/15 41 ነጥብ፣ 14ኛ። በሚቀጥለው ዓመት 81 ነጥብና ዋንጫ። ከዚያስ? 44 ነጥብ፣ 12ኛ። ካንቴ ወደ ቼልሲ መሄዱ ጎድቷቸዋል፣ አልክድም። ግን 41 እና 44ን ጎን ለጎን አስቀምጡና ባለታንኳውን አስቡት። ዋንጫ ያበላቸው አሰልጣኝም የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ተሰናበተ። ኮፍያውን ያጠበው እሱ መሆን አለበት።

እስካሁን ስስቅ ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን አልስቅም። በቴሌግራም ቻናል «የዛሬ ሹር ጌም» እያሉ ከልጆች ብር የሚሰበስቡ አሉ። ያሸነፈውን ቲኬት ይለጥፋሉ፤ የተቃጠለውን ያጠፋሉ። ባጃጁን ተከራይቶ የሚነዳ ልጅ የቀን ሒሳቡን እዚያ ያፈሳል፤ ማታ ለባለቤቱ የሚሰጠው ያጣል። ይህ ትንበያ አይደለም። ሌብነት ነው። አፍ አውጥቼ ሌባ ብላቸው ደስ ይለኛል፣ አሁን ብያለሁም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሁለት መቶውን ሰጠሁት። ቡድኑ እሁድ አንድ እኩል ወጣ። ሰኞ ጠዋት ልጁ መጣ፣ ፊቱ ጠቁሯል። አሰልጣኙ አጥቂውን ለምን እንደቀየረ አሥር ደቂቃ አስረዳኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ስክሪኑ ላይ አምስት ቀይ ምልክት የተሰለፈለት ሌላ ቡድን አለ።

«ጋሼ፣ አምስት ተከታታይ ተሸንፈዋል» አለኝ። «ከዚህ በላይ መሸነፍ አይችሉም። ሁለት መቶ ይኖርዎታል?»