ጥቅሱ ከጭብጡ በኋላ ሲፈለግ

«ጭብጦቹን ጨርሻለሁ፤ አሁን የቀረኝ ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ጥሩ ጥቅስ ፈልጎ ማስገባት ብቻ ነው።»

በቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች፣ ከተሳታፊዎች ንግግር የሚያወጧቸውን ዋና ሐሳቦች ማለትም ጭብጦችን ከለዩ በኋላ፣ ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄድ ግን ተመራማሪው ገጹን የሚያገላብጠው ተሳታፊው ምን ለማለት እንደፈለገ ለማወቅ መሆኑ ይቀርና አስቀድሞ የጻፈውን ርእስ የሚደግፍ ዓረፍተ ነገር ለማደን ይሆናል። ከአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ በተገለበጠ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ቃሉ የተሳታፊዋ ነው፣ መለያ ቁጥሯም ከጎኑ ተቀምጧል፣ የተጨመረበት ነገር የለም፤ ሆኖም ሰውየዋ ራሷ ብታነበው «እኔ እንዲህ ለማለት አልነበረም» ልትል ትችላለች።

በአገራችን የጤና ጥናቶች ደጋግሞ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱን፣ እናቶች ቤት የሚወልዱበትን ምክንያት እንውሰድ። የሚከተለው ምልልስ ነገሩን ለማሳየት ያዘጋጀሁት እንጂ ከየትኛውም ጥናት የተወሰደ አይደለም። ሦስተኛ ልጇን ቤት የወለደች እናት «ለመውለድ ለምን ጤና ጣቢያ አልሄዱም?» ተብላ ስትጠየቅ «ባለቤቴ አልነበረማ፤ እሱ ሳይኖር እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ?» ብላ ትመልሳለች። ጠያቂው ወደ እርግዝና ክትትል ይሻገራል። ከገጽ በላይ ወረድ ብሎ፣ ስለ ክትትሉ ስታወራ፣ ነገሩ ይመለሳል፦ «ክትትሉንማ ጨርሻለሁ። እሱም ምጥ ሲጀምርሽ ቶሎ ሂጂ ብሎ፣ ብሩንም ትቶልኝ ነው ለሥራ የወጣው። ሌሊት መጣብኝ እንጂ። ሁለቱን ሕፃናት ለማን ጥያቸው ልሂድ?»

የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ያየ ሰው «የባል ውሳኔ ሰጪነት» የሚል ኮድ፣ ማለትም የንግግሩን ክፍል የሚወክል አጭር መለያ ስም፣ ይሰጠዋል። ይህ ኮድ በቀደሙ ጥናቶች ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው፤ በብዙ ቦታ እውነትም ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። የምክር ሐሳቡም ተከትሎ ይመጣል፤ ባሎችን ማስተማር። የዚህች እናት ባል ግን መማር ያለበትን የተማረ፣ ብር አስቀምጦ የሄደ ሰው ነው። የጎደላት በሌሊት ልጆቿን የሚረከብ ሰው ነው። ልዩነቱ የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለምሳሌ የመውለጃ ቀናቸው የተቃረበ እናቶች የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ራሱ ቤትን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ለቆ መሄድን ስለሚጠይቅ፣ በመጀመሪያው ንባብ መፍትሔ የሚመስለው ነገር በሁለተኛው ንባብ ለእሷ አይጠቅምም።

ስሕተቱ የገባው ጥቅሱ ሲመረጥ ሳይሆን ኮዱ ሲሰጥ ነው። «የባል ውሳኔ ሰጪነት» የሚለው ስም ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ ስለዚህ በውስጡ ከልካይ ባልም፣ በሥራ ምክንያት የራቀ ባልም እኩል ይገባሉ። ኮዱ ግሥ እንዲኖረው ማድረግ፣ «ባሏ ስላልነበረ ልጆቹን የሚጠብቅ አጣች» ብሎ መጻፍ፣ ረዘም ቢልም ተሳታፊዋ ያላለችውን ነገር ለማስገባት ያስቸግራል። የጭብጡም ነገር እንዲሁ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ባለ ስድስት ደረጃውን የጭብጥ ትንተና አካሄድ ያቀረቡት ቨርጂኒያ ብራውን እና ቪክቶሪያ ክላርክ ኋላ ላይ ደጋግመው የነቀፉት፣ ርእሰ ጉዳይን እንደ ጭብጥ መቁጠርን ነው። «እንቅፋቶች» የሚለው ሁሉን የሚይዝ ርእስ ስለሆነ ማንም አይቃረነውም። «ምጡ በመጣ ሰዓት ልጆቹን የሚረከብ ሰው ያጡ እናቶች ለመሄድ ወስነው እያሉም ይቀራሉ» የሚለው ግን ሊሳሳት የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው፤ አማቷ ቤት ውስጥ እያለች ቤት የወለደች ሌላ ተሳታፊ ብትገኝ ምክንያቷ መመርመር አለበት፣ ጭብጡም ወይ ይጠባል ወይ ይከፈላል። እንዲህ ያለችውን ተሳታፊ ሆን ብሎ መፈለግ፣ ስታገኛትም በውጤቱ ክፍል ውስጥ ቦታ መስጠት፣ በእኔ አስተያየት ከየትኛውም ውብ ጥቅስ ይበልጣል።

ይህን ፍለጋ የሚያቀልለው ቀላል ሠንጠረዥ ነው። ጄን ሪቺ እና ሊዝ ስፔንሰር በብሪታንያ ለማኅበራዊ ፖሊሲ ጥናት ያዳበሩት የማዕቀፍ ትንተና የሚባለው አሠራር እያንዳንዱን ተሳታፊ በአንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱን ጭብጥ በአንድ ዓምድ ያስቀምጥና በየሳጥኑ አጭር ጭምቅ ሐሳብ ከገጽና ከመስመር ቁጥር ጋር ያስገባል። ኤክሴል ይበቃዋል። ጥቅሙ ረድፉን ወደ ጎን ሲያነቡት ይታያል፤ የአንዲቱ እናት ሐሳብ በየጭብጡ ተበጣጥሶ ከቀረበት እንደገና አንድ ሰው ሆኖ ይገጥማል። በአገራችን የጤና ተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደው፣ የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያቀረበው ኦፕን ኮድም ሆነ ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ሥራውን የሚያፋጥኑት ግን በተቃራኒው፣ የተቆረጡ ክፍሎችን በኮድ ሥር በመሰብሰብ ነው። ምቾቱ እዚያ ነው፤ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች የሚጠፉትም እዚያው ነው።

ስለዚህ አንድ ጥቅስ ወደ ሪፖርቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ሙሉው ጽሑፍ ተመልሶ፣ መልሱን ካስነሣው ጥያቄ ጀምሮ ወሬው እስኪቀየር ድረስ ማንበብ፣ ተሳታፊዋ በኋላ ወደ ነገሩ የተመለሰችበት ቦታ እንዳለም መፈለግ፣ ከተቻለም ድምፁን መስማት ያስፈልጋል። በአማርኛ ማስተካከያው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዋናው ሐሳብ በኋላ ነው፤ ለቦታ ቁጠባ ሲባል የሚቀነጨበው ጅራት «እንጂ» ወይም «ግን ካልሆነ» የሚለውን ይዞ ይሄዳል። ሦስት ነጥብ አድርጎ የቆረጠ ሰው የወጣውን ክፍል ለሥራ ባልደረባው አሳይቶ «ይህ ሲመለስ ምክንያቱ ይቀየራል?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ኮዱ ከትርጉሙ ሳይሆን ከዋናው ቋንቋ ቢሰጥ፣ ዋናው ጥቅስም በአባሪ ቢቀመጥ ሌላ ሰው ሊያመሳክረው ይችላል።

መጽሔቶች የሚጠይቁት ቅጽ ከዚህ ሁሉ አያድንም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮሬክ የተባለው ባለ 32 ነጥብ ዝርዝር ጥቅሶች እንዲቀርቡና የተናጋሪው መለያ እንዲጻፍ፣ ውጤቱም ከመረጃው ጋር እንዲስማማ ያሳስባል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ተሳታፊ 7» የሚለው ምልክት ንግግሩ ከየት ተቆርጦ እንደመጣ አይናገርም፤ ያው ተሳታፊ 7 አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ በአምስት ጭብጦች ላይ ተጠቅሶ እንደሆነም አንባቢው የሚያውቀው ቁጥሩን እየለቀመ ከቆጠረ ብቻ ነው። ቆጠራውን ደራሲው ራሱ አስቀድሞ ቢሠራው፣ አጭር ተናጋሪዎቹ ሙሉ በሙሉ እንደጠፉ ያኔ ያያል።

ውጤቱን ለተሳታፊዎች መልሶ ማሳየትን እንደ መድኃኒት የሚያቀርቡ አሉ። ከወራት በኋላ የታተመ ወረቀት ይዞ ለመጣ እንግዳ ግን ብዙ ሰው በጨዋነት «ልክ ነው» ይላል። እኔ የምመርጠው ቃለ መጠይቁ ሳይዘጋ ጠያቂው የሰማውን በራሱ ቃል ደግሞ «እንግዲህ ያልሄዱት ባለቤትዎ ባለመፍቀዳቸው ነው፤ ልክ ነኝ?» ብሎ መጠየቁን ነው። ያቺ እናት «ኧረ እሱስ ፈቅዷል» ለማለት አትዘገይም፤ እርማቷም በድምፅ ተቀርጾ፣ ከሌላው ንግግሯ ጋር ተገልብጦ፣ ለትንተና ይቀርባል።