ተከፍሎበታል

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ አማቼ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማለቴ ነው፣ ጨው የበዛበት ተጋቢኖ ሲበላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቤቱ ቀድሞ የሚያስከፍል ሽሮ ቤት ነው። አንድ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን በውሃ አወረደው። በሦስተኛው ላይ አላስችል ብሎኝ "ተወው እንጂ፣ ሌላ እንዘዝ" አልኩት። ቀና ብሎ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ "ጋሼ፣ ተከፍሎበታል እኮ!" አለኝ።

የከፈልኩት እኔ ነኝ።

እሱን ተዉት። የገረመኝ ሒሳቡ ነው። ብሩ ባለቤትየዋ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ሽሮው ቢበላም ቢተውም አይመለስም። ያልተወሰነ ነገር ቢኖር የአማቼ ሆድ ብቻ ነበር። እሱም ሆዱን ሰጥቶ የሄደውን ብር የሚያስመልስ መሰለው። በላዩ ላይ ሁለት ሊትር ውሃ ጠጣ። ያም ተከፍሎበታል፣ በእኔ።

አማቼን ብቻ እንዳላማ፣ ፈረንጆቹም እንዲሁ ናቸው። በአሜሪካ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ለዓመቱ ቲያትር ትኬት ሊገዙ የመጡ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ አንዳንዶቹ ሙሉውን 15 ዶላር ከፈሉ፣ ለሌሎቹ ሳይጠብቁት ቅናሽ ተደረገላቸው። ወንበሩ ያው፣ ተዋናዩ ያው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ደጋግመው ሄዱ። ጥናቱ የታተመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎቹ የሽሮ ቤት ወንበር ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ያን ሁሉ ትኬት ማባከን ባላስፈለጋቸው።

የእኛ አያቶች ይሄን ሁሉ በሦስት ቃል ጨርሰውታል፦ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በጣም የምወደው ተረት ነው፤ የሚያናድደኝ አጠቃቀሙ ነው። እኛ ይሄን ተረት የምናወጣው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ብርጭቆ ሲሰበር። ንግድ ሲከስር ግን ማንም ትዝ አይለውም። ያኔ የምናደርገው ሌላ ነው፤ የፈሰሰውን ውሃ ልናፍስ ሁለተኛ እንስራ ይዘን እንመጣና እሱንም እዚያው እንደፋዋለን። ከዚያ ጎረቤት እንስራ ለመበደር እንሄዳለን።

ጎረቤቱ እኔ ነኝ። ትናንት የተጋበዝኩት፣ ማለትም የጋበዝኩት፣ ለዚሁ ነበር።

አማቼ ዶሮ ያረባል። ከከተማ ወጣ ብሎ በተከራየው መሬት ላይ በ400 ሺህ ብር ቤት ሠራ፤ እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ ሲሚንቶ። 600 ቄቦች ገዛ። ሲጀምር እውነትም ያምር ነበር። እንቁላል ጣይ ዶሮ በጥሩ ዕድሜዋ ላይ ሳለች ከመቶዎቹ ዘጠና ያህሉ በየቀኑ ይጥላሉ። ቤታችን በእንቁላል ተጥለቀለቀ፤ ልጆቼ እንቁላል ሲያዩ የሚሸሹበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

የዶሮ ነገር ግን እንዲህ ነው። ዕድሜዋ ሲገፋ እንቁላሏ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱ እየሳሳ ገና ከትሪው ሳይወጣ ይሰነጠቃል፤ ምግቧ ግን አይቀንስም። ብትጥልም ባትጥልም በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። ስለዚህ አርቢ የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚወስነው ነገር አለ፦ እነዚህን ዶሮዎች መቼ ነው ለሥጋ የምሸጣቸው?

የአማቼ ዶሮዎች አሁን 540 ናቸው፤ ቀሪዎቹን በሽታና ሸለምጥማጥ ተካፍለዋቸዋል። በቀን 62 ኪሎ መኖ ይበላሉ፣ ኪሎው በ50 ብር ሲታሰብ 3,100 ብር። የሚጥሉት 260 እንቁላል ነው፤ ከሁዳዴ በፊት ነጋዴው በ11 ብር ሲወስደው 2,860 ይሆን ነበር። ያኔ መኖው ብቻ በቀን 240 ብር ያስከስር ነበር። ዘበኛውን፣ መድኃኒቱንና ውሃውን ገና አልነካንም።

"አርጅተዋል፣ ሽጣቸው" አልኩት ለገና። ነጋዴ መጥቶ አንዷን በ500 ብር ጠይቆ ነበር። አማቼ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ አንዷ ዶሮ እስካሁን ከሁለት ሺህ ብር በላይ መኖ በልታብኛለች! በአምስት መቶ ልሽጣት?"

ዶሮዋ እኮ አበዳሪ አይደለችም! የበላችውን በእንቁላል እየመለሰች ነው የኖረችው፤ እንቁላሉ ተሸጦ ተበልቷል። ያቺ ዶሮ ዛሬ ያላት ዋጋ ነጋዴው የሚሰጠው 500 ብርና ነገ የምትጥለው እንቁላል ነው። ትናንት የበላችው መኖ ኩስ ሆኗል። (ኩሱም ለማዳበሪያ ይሸጣል፤ እሱን እንኳ አልሸጠም።)

እዚህ ላይ ለእሱም ልፍረድለት። እንቁላል በቀነሰ ቁጥር ዶሮ አይሸጥም። ብርሃን ሲያንሳት ትቀንሳለች፤ የቀንና የአምፖሉ ብርሃን ተደምሮ ከ14 ሰዓት በታች ሲወርድ መብራት ኃይል ቀነሰባት ማለት ነው፣ ሲስተካከል ትመለሳለች። ላባዋን ስትቀይርም ለሳምንታት ታቆምና እንደገና ትጀምራለች። የሚለየው ዕድሜዋ ነው። ወጣት ሆና የቀነሰች ምክንያት አላት። አርጅታ፣ ወር በወር ቀስ እያለች የምትወርደዋ ግን አትመለስም። የአማቼ መዝገብ ላይ ቁልቁለቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። አሳየሁት። "ላባ እየቀየሩ ነው" አለኝ። አንድም የወደቀ ላባ አላየሁም።

ይሄን ልብ ማን እንደሰጠው አውቃለሁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ መድረክ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ "ተስፋ የቆረጠ አሸንፎ አያውቅም!" የሚል አነቃቂ ነው። ስሙን አልጠራም። እኔንም ከአራት ዓመት በፊት 1,500 ብር አስከፍሎኛል፤ ቂሜ አልወጣልኝም። "ወርቅ ሊያገኝ አንድ ክንድ ሲቀረው መቆፈር ያቆመ ሰው" የሚለውን ታሪክ ሦስት ጊዜ ነገረን። ወርቅ በሌለበት መሬት ሲቆፍሩ ያረጁትንስ ማን ይንገርልን? እነሱ አዳራሽ የሚከራዩበት ገንዘብ የላቸውም። ገና በመጀመሪያው ሰዓት ልወጣ ፈልጌ ነበር። አልወጣሁም፣ እስከ ማታ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ።

አማቼ ብቻውን ነው የተሳሳተው እንዳይባል ኮንኮርድን ላንሳ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን አብረው ሊሠሩ በ1962 ተፈራረሙ። ፈረንሳይ መሃል መንገድ ላይ ጥላን ትሄድ ይሆናል ብለው የሰጉት እንግሊዞች፣ ውሉ ላይ መውጫ በር እንዳይኖር አስደረጉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዊልሰን መንግሥት ሥልጣን ያዘና ወጪውን አይቶ ራሱ ሊወጣ ፈለገ። በሩ ዝግ ነው! የሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ማለት ይሄኔ ነው። በ1973 መጀመሪያ ላይ ፓን አምና ቲደብሊውኤ የተባሉት ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች አንፈልግም ሲሉ ገበያው መሞቱ ለማንም ግልጽ ነበር። መሥራቱ ግን ቀጠለ። በመጨረሻ መንገደኛ ያጓጓዙት 14 ብቻ ናቸው፣ የወሰዷቸውም የሁለቱ አገሮች የራሳቸው አየር መንገዶች። ዛሬ ይሄን በሽታ በኮንኮርድ ስም የሚጠሩት የምጣኔ ሀብት ሰዎች አሉ። ቢያንስ እንግሊዞች ውል አስሮናል ይላሉ። አማቼን ማን አሰረው?

ወደ ሽሮው፤ አይ፣ ወደ ዶሮው ልመለስ። ገና አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ። ሕዝቡ ጾመ፣ የእንቁላል ዋጋ ወደ 9 ብር ወረደ። ዶሮዎቹ ግን አይጾሙም። የቀኑ ኪሳራ 760 ብር ደረሰ። የዶሮዋም ዋጋ ወደ 350 ወርዷል።

እዚያው ሽሮ ቤት ሶፍት ላይ ጻፍኩለት። ለፋሲካ 30 ቀን ቀርቷል። 760 በ30 ሲባዛ 22,800 ብር፤ ለ540 ሲካፈል ለአንዷ ዶሮ 42 ብር ገደማ። እስከ በዓሉ ማቆየት 42 ብር ካስወጣና ዋጋዋ ከ350 ወደ 500 ከተመለሰ፣ የሚሞቱትን ቀንሰን እንኳ መጠበቁ ያዋጣል። "ስለዚህ ቆይ" አልኩት፤ "ለዋዜማው ግን ሁሉንም ሽጥ።"

ፊቱ በራ። "አየህ ጋሼ፣ አንተም ቆይ አልክ!"

ቆይ ያልኩት ከፊት ስላለው ፋሲካ ነው፣ እሱ የሚያየው ከኋላ ያለውን 400 ሺህ ነው። ሁለታችንም "ቆይ" ስንል አንድ ቋንቋ የምንናገር መስሎታል። ቤቱ ቆርቆሮውና ሽቦው ተነቅሎ ይሸጥ ይሆናል፣ ሲሚንቶው የባለ መሬቱ ነው፤ ይሄንንም ሶፍቱ ላይ ጻፍኩለት። ሶፍቱን አንስቶ አፉን ጠረገበት።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። 60 ሺህ ብር ፈልጓል፣ መኖ መፍጫ ሊገዛ። "ራሴ ከፈጨሁት መኖው ይረክሳል።" ለ540 አሮጊት ዶሮ ወፍጮ! ካሁን በፊት የሰጠሁት 80 ሺህ አለ። ይሄን ሳነሳበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአዘኔታ፣ "ጋሼ፣ አሁን ካልደገፍከኝ እኮ ያኛውም ይቀርብሃል" አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። 80 ሺሁ ሄዷል። የሚጠየቀው አዲሱ ገንዘብ ይመለሳል ወይ ነው፣ አይመለስም። ይሄን ሁሉ ሲናገር የቆየ ሰው ምን እንዳደረገ ባለቤቴ ማታ ስትጠይቀኝ "ሃያ ሺህ ብቻ" አልኳት። "ብቻ" የሚለው ቃል ለምን እንዳስፈለገኝ ሳስብ አደርኩ።

ያዘዝኩትን ተጋቢኖ እኔ ግን አልበላሁትም፤ በመርህ የምኖር ሰው ነኝ። አስጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት፣ ያው ተከፍሎበታል። ባለቤቴ ቀመሰችና ውሃ ጨመረችበት። ቀጠነ። ሽሮ ጨመረችበት። ወፈረ፣ ጨውነቱ ግን እንዳለ ነው። ሽንኩርት ከተፍን፣ ዘይት ጨመርን፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ሽሮ። ይሄን ስጽፍ ምድጃው ላይ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ጨዋማ ሽሮ ተጥዷል፤ ባለቤቴም ሱቅ ሄደህ ግማሽ ኪሎ ሽሮ አምጣ እያለችኝ ነው።