ሳጥን ሌላ፣ የጥያቄ ምልክት ሌላ

«የአማርኛ ጽሑፍ በአሮጌ ስልኮች ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የቀጠሮ መልእክቶቻችን በላቲን ፊደል የሚላኩ መሆኑን በትሕትና እናሳውቃለን።»

ይህ አጎቴን ቀጠሮ በመልእክት የሚያሳውቅ አንድ ተቋም ያወጣው ማሳወቂያ ነው። የሰጠው ምክንያት ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑን ለማወቅም አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ማሳወቂያው ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አጎቴ ባለቁልፍ ስልኩን አቀበለኝና «እስቲ ልጄ፣ ይኼ የሚለውን አንብብልኝ» አለኝ። ከዚሁ ተቋም የመጣው መልእክት ይህን ይመስል ነበር፦

```
???? ?? ??? ?3 ??? ??? ???? ??????? ??? ????
```

አንድም ሳጥን የለበትም። በተጠሪነት የተመዘገበው የእኔ ቁጥር ስለሆነ ያው መልእክት ለእኔም ደርሶኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አማርኛ በማነብበትና በምጽፍበት ስልክ ላይ የታየውም ይኸው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው። ወደ ተቋሙ ደውዬ የላኩት ምን እንደሆነ ስጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ ከኮምፒውተሯ ላይ አነበበችልኝ፦ «ቀጠሮዎ ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። እባክዎ መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ።» ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ስልክ ጽፌ ወደ አጎቴ ስልክ ላክሁት። ጥርት ብሎ በአማርኛ ተነበበ። «አሮጌ» ተብሎ የተከሰሰው ስልክ ፊደላችንን አሳምሮ ያውቃል፤ የማያውቀው የተቋሙ መላኪያ ሲስተም ነው።

ሳጥንና የጥያቄ ምልክት አንድ ሕመም አይደሉም፤ ሁለቱን ቀላቅሎ ውሳኔ መስጠት የማየው ትልቁ ጥፋት ነው። ኮምፒውተርና ስልክ ፊደልን የሚያስተላልፉት በቁጥር ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ መደበኛ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደላት መደበኛ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ለምሳሌ የ«ቀ» ቁጥር U+1240 ነው። ስልኩ ይህን ቁጥር ሲቀበል በውስጡ ካለው ፎንት የፊደሉን ሥዕል ይፈልጋል፤ ካጣ በቦታው ባዶ ሳጥን ይስላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የእኛን ፊደል የያዘ ፎንት ሳይኖረው በመምጣቱ፣ ኒያላ የተባለው ፎንት ከቀጣዩ ዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪመጣ ድረስ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሳጥን ስናይ የኖርነው በዚህ ምክንያት ነበር። ፎንቱን የጫነ ሰው ግን ያንኑ ፋይል ከፍቶ ያነብ ነበር፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ሥር ያለው ፊደል አልጠፋም። በስልክ መልእክትም እንዲሁ ነው። ሳጥን የሞላበትን መልእክት አማርኛ ወደሚያነብ ሌላ ስልክ ብታስተላልፉት ይነበባል።

የጥያቄ ምልክት ግን የተለየ ነው። በመንገድ ላይ የሆነ ሲስተም ፊደሉን ወደማያውቀው የፊደል ሰንጠረዥ ሊገለብጥ ሞክሮ፣ ሲያቅተው በምትኩ «?» ጽፎ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ «ቀ» የለም፤ ያለው እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ነው። የትኛውም ፎንት፣ የትኛውም አዲስ ስልክ አይመልሰውም፤ ወደ ሌላ ስልክ ብታስተላልፉትም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ማስተላለፍ ብቻውን ጥሩ መመርመሪያ ነው፦ ተላልፎ ከተነበበ ችግሩ የተቀባዩ ስልክ ፎንት ነው፣ ተላልፎም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጥፋቱ የላኪው ነው። ሦስተኛም መልክ አለ፤ «ሰላም» የሚለው áˆ°áˆ‹áˆ በሚመስል ዝብርቅርቅ ሲመጣ። እርሱ ፊደሉ የተጻፈባቸው ቁጥሮች፣ ማለትም ባይቶቹ፣ በሌላ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይር ሌላ ደንብ፣ በመነበባቸው የሚመጣ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በትክክለኛው ኢንኮዲንግ መልሶ በማንበብ ይድናል።

የአጎቴን መልእክት ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ጥፋቱ የት እንደተፈጸመ ራሱ ይናገራል። «ቀጠሮዎ» አራት ፊደል ነው፣ የጥያቄ ምልክቶቹም አራት ናቸው፤ «ነገ» ሁለት፣ «ጠዋት» ሦስት፤ «መታወቂያዎን» ሰባት። ክፍተቶቹ በቦታቸው አሉ፣ «በ3» ከሚለው ውስጥም 3 ብቻዋን ተርፋለች፤ ምክንያቱም ክፍተትና 3 በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ አሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት መቆጠሩ ሲስተሙ ፊደሉን እንደ ፊደል በትክክል ይዞት እንደነበር፣ ያጠፋውም በመጨረሻው ግልበጣ ላይ እንደሆነ ያሳያል። ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ ኢንኮዲንግ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ባይቶቹ ቀደም ብለው እንደ ተራ የላቲን ፊደል ተቆጥረዋል ብዬ እጠረጥር ነበር። ጥፋቱን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሁለት መስመር መድገም ይቻላል፤ የመጀመሪያው ተቋሙ የሠራው ነው፣ ሁለተኛው መሥራት የነበረበት፦

```
>>> 'ቀጠሮዎ'.encode('ascii', 'replace')
b'????'
>>> 'ቀጠሮዎ'.encode('utf-16-be').hex(' ')
'12 40 13 20 12 2e 12 ce'
```

አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ይይዛል። ለእያንዳንዱ ምልክት ሰባት ቢት ብቻ የሚሰጠው የተለመደው ሰንጠረዥ በዚህ ቦታ 160 ምልክት ያስገባል፤ በውስጡ የላቲን ፊደላትና ጥቂት የግሪክ ፊደላት አሉ፣ የእኛ ግን አንድም የለም። ለዚህ የተዘጋጀው ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ምልክት ሁለት ባይት የሚሰጠው ነው፤ በእርሱ 70 ምልክት ይገባል። የትኛው እንደተመረጠ ለተቀባዩ የሚነግረው data_coding የሚባል አንድ ቁጥር ነው። 0 ከሆነ በተለመደው መነሻ ሰንጠረዥ፣ 8 ከሆነ በባለ ሁለት ባይቱ ይነበባል። ብዙ የመላኪያ ሲስተሞች ካልተነኩ በ0 ይሄዳሉ። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፊደላቸውን ያስጣለው ውሳኔ የተላለፈው አንድ ቁጥር ከ0 ወደ 8 የሚቀይርና ጽሑፉን ከላይ እንዳለው ሁለተኛ መስመር የሚያዘጋጅ ሰው በመጥፋቱ ነው ማለት ነው። ይህን የቴክኖሎጂ ገደብ ብሎ መጥራት ሥራን ካለመሥራት የባሰ ነው፤ ጥፋቱን ወደ ድሃ ሰው ስልክ ማዞር ነውና።

«ላቲን ይረክሳል» የሚሉም አሉ፤ 160 ከ70 ይበልጣል በሚል ስሌት። ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። የቀጠሮው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ክፍተቶቹንና ሁለቱን አራት ነጥቦች ጨምሮ 44 ምልክት ነው፤ ከ70 በታች ስለሆነ የአንድ መልእክት ሒሳብ ያስከፍላል። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይኸው ነው፦

```
Keterowo nege tewat be3 seat new. Ebakwo metawekiyawon yizew yimtu.
```

ይህ 67 ምልክት ነው፣ እርሱም አንድ መልእክት ነው። የተቆጠበ ነገር የለም። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለሚይዝ፣ ያው ሐሳብ በላቲን ሲጻፍ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይረዝማል። እውነት ነው፣ ጽሑፉ ከ70 ካለፈ ወደ ሁለት ይከፈላል፣ ለማያያዣው ቦታ ስለሚወሰድም እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ አርቃቂው መቁጠር አለበት። መቁጠር ግን ፊደል ከመጣል ይቀላል። በላቲን ልካችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት «።» ወይም የተቋሙን ስም በአማርኛ ብታስቀምጡ ደግሞ መላው መልእክት ወደ ባለ 70ው ይዞራል፤ ያኔ በረዘመው ጽሑፍ ላይ ጠባቡን ቦታ ጨመራችሁበት ማለት ነው።

አሁን ያንን የላቲን መልእክት አንብቡት። «seat» እና «new» በእንግሊዝኛ ሌላ ትርጉም ያላቸው ቃላት ናቸው፤ «tewat» ውስጥ ያለው ጠ ነው ወይስ ተ፣ ቃሉን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ሊለየው አይችልም። «tera» ተብሎ ቢጻፍ ተራ ነው ወይስ ጠራ? «tefa» ቢባል ጠፋ ነው ወይስ ተፋ? ወጣቶች እርስ በርስ እንዲህ ይጻጻፋሉ የሚለውን መከራከሪያ ከሁሉ ይልቅ እቃወማለሁ፤ ወጣቶቹ ችግሩ የለባቸውም፣ ስልካቸውም አማርኛ ያነብባል። ባለቁልፍ ስልክ የያዘው አጎቴ ነው፣ የላቲን ፊደል ፊደል እየቆጠረ ካልሆነ የማያነብበውም አጎቴ ነው። ለእርሱ ብለው ያደረጉት ለውጥ ከማንም በላይ የሚጎዳው እርሱን ነው።

የእኛን ፊደል ፎንት ፈጽሞ ያልጫኑ ስልኮች ዛሬም በሰው እጅ አሉ፣ ሳጥንም ያሳያሉ፤ ይህን አልክድም። ላኪው ከሩቅ ሆኖ በእነዚህ ስልኮች ላይ ፎንት ሊጭን አይችልም፤ ስልኩም ሳጥን እንዳሳየ ተመልሶ አይናገርም፤ «ደርሷል» የሚለው ማረጋገጫ የሚመሰክረው መልእክቱ ስልኩ ላይ መድረሱን ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደንበኛው ሲመዘገብ አንድ የአማርኛ መልእክት ልኮ «ይነበባል?» ብሎ ስልኩን እዚያው ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካልተነበበ በዚያ ሰው ስም ላይ ምልክት ይደረግና በድምፅ ይደወልለት፤ ላቲን ይሻለኛል ካለም ለእርሱ ብቻ ይላክለት። ቀንና ሰዓትም ሁልጊዜ በ3 እንጂ በ፫ አይጻፍ፤ በአጎቴ መልእክት ውስጥ የተረፈችው ብቸኛ ፍሬ ነገር 3 ነበረችና።

ለተቋሙ የጻፍሁት ደብዳቤም ይህንኑ ይጠይቃል። ያንኑ ባለ 44 ምልክት ዓረፍተ ነገር ከራሳቸው ሲስተም ወደ ሦስት የተለያዩ ስልኮች ይላኩ፤ አንዱ አማርኛ እንደሚያነብብ አስቀድሞ የተረጋገጠ ይሁን። በሦስቱም ላይ የጥያቄ ምልክት ከመጣ የሲስተሙን ባለሙያ ይጥሩና data_coding ስንት እንደሆነ ያሳያቸው። በአንዱ ብቻ ሳጥን ከመጣ የዚያን ስልክ ዓይነት ይመዝግቡ። ይህን ሳያደርጉ ያወጡትን ማሳወቂያ ያንሱ፤ የአጎቴ ቀጣይ ቀጠሮ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።