ማስተካከያ፦ የደም ቧንቧ በግማሽ ሲጠብ

«የደም ቧንቧ ራዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ የደሙን ፍሰት የሚገታው ተቃውሞ እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው?»

አይደለም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። ባለፈው «እጥፍ» ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፊዚዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት የፖይዝዌይ ሕግ እንደሚለው፣ ግፊቱና ርዝመቱ ካልተለወጡ ፍሰቱ የሚወሰነው በራዲየሱ አራተኛ ኃይል፣ ማለትም ራዲየስ × ራዲየስ × ራዲየስ × ራዲየስ በሚሰጠው ቁጥር ነው። ሕጉ ለቀጥተኛና ለማይለጠጥ ቱቦ የተሰላ ስለሆነ፣ ለሰው ደም ግምታዊ ነው።

«ትንሽ መጥበብ ለውጥ አያመጣም» ያልኩትም ይሰረዝልኝ። ራዲየሱ 10 በመቶ ሲቀንስ ፍሰቱ በሲሶ ያህል ይወርዳል።

የደብረ ብርሃንን የማለዳ ውርጭ አስቡት። ጓንት የሌለው ሰው ጣቱ ይገረጣል፣ ይደነዝዛል። በቆዳው ውስጥ ያሉት አርቴሪዮሎች፣ ማለትም ጥቃቅኖቹ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች፣ በግድግዳቸው ያለው ጡንቻ ተኮማትሮ ጠበዋል። ወደ ጣት የሚሄደው ደም ያንሳል፤ ሙቀቱም ለውስጥ አካል ይቆጠባል። ሰውየው እንጨት መፍለጥ ሲጀምር ደግሞ የክንዱ ጡንቻ አርቴሪዮሎች ይሰፋሉ፤ ደሙም ወደዚያ ያደላል።

የአንድ ቦታ አርቴሪዮሎች ብቻ ሲጠቡ በዋናነት የሚለወጠው የደሙ ክፍፍል ነው። በብዙ የሰውነት ክፍል አንድ ላይ ሲጠቡ ግን፣ ልብ የሚረጨው ደም ካልቀነሰ፣ የደም ግፊቱ ራሱ ይጨምራል።