ወፍጮው፣ ወንድሜና ያለቀው ገንዘብ

«ወንድም ዓለም፣ 520 ሺህ ብር የፈሰሰበትን ወፍጮ እንዴት እንተወዋለን? 170 ሺህ ብር ላክልንና ሞተሩ ይታደስ። አለዚያ ያን ሁሉ ገንዘብ ጣልነው ማለት አይደለም ወይ?»

ታናሽ ወንድሜ ከቢቸና ወዲያ ካለው ቀበሌያችን የላከልኝ መልእክት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ አነበብኩት። አንጀቴ ተላወሰ። መልሴን ግን የዚያኑ ቀን ነገርኩት። ወንድሜ፣ አይደለም። ያ ገንዘብ የሄደው ወፍጮውን የገዛን ዕለት ነው። ብናድሰውም አይመለስም፣ ብንተወውም አይመለስም። ዛሬ በእጃችን ያለው ውሳኔ 170 ሺው ላይ ብቻ ነው።

ይህን ስል ቀላል መስሎኝ አይደለም። እኔም የተማርኩት እዚህ፣ የምሠራበት ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ተናድጄ ነው።

ባለቤቱ ሊጥ የሚቆርጥ ማሽን በ38 ሺህ ዶላር ገዛ። የእኛ ሊጥ ግን እርጥበቱ ይበዛል። ማሽኑ ውስጥ ይለጠፋል፣ ይቀደዳል። በእጃችን ስንቆርጥ ሁለት ሰዎች አንድ ሰዓት ይፈጅብን ነበር። በማሽኑ ሲሆን፣ ፈትቶ ማጠቡንና መልሶ መግጠሙን ጨምሮ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። በሰባተኛው ወር ባለቤቱ ማሽኑን በ9 ሺህ ዶላር ሸጠው። እኔ ደሜ ፈላ። 29 ሺህ ዶላር እኮ ነው! እኛ አገር በዚያ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራል! «ትንሽ ብትታገሠው ምን ነበረበት?» አልኩት።

እሱ እርሳስ አነሣና የዱቄት ከረጢት ላይ ጻፈልኝ። በየሌሊቱ አንድ ትርፍ ሰዓት፣ ለሁለት ሰው፣ በሰዓት 18 ዶላር። 36 ዶላር መሆኑ ነው። በወር 26 ሌሊት እንሠራለን፤ 936 ዶላር። «38 ሺው አልቋል» አለኝ። «ማሽኑን ባቆየው በየወሩ የምከፍለው ግን ይህ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ የሚሰጠኝን 9 ሺህ ከርሞ ማንም አይሰጠኝም።» ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ፊቱ ላይ ኀፍረት አላየሁም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን «የሰመጠ ወጪ» ይሉታል። ምንም ብትወስን የማይመለስ ወጪ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ እኩል ስለሆነ ከሒሳቡ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የሰመጠው የማይመለሰው ክፍል ብቻ ነው። ተሸጦ የሚገኝ ነገር ካለ እሱ አልሰመጠም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት የሰመጠበት 29 ሺህ ነው እንጂ 38 ሺህ አይደለም።

አሁን ወደ ወፍጯችን ልመለስ። ከወንድሜ ጋር አንድ ቅዳሜ ሙሉ በስልክ አስልተነዋል።

ወፍጮው በናፍጣ ነው የሚሠራው። ስንገዛው በአካባቢው ሌላ ወፍጮ አልነበረም። እናቶች ጤፋቸውን በአህያ ጭነው ሁለት ሰዓት ይሄዱ ነበር። ጥሩ ሠራ። ኋላ መብራት ገባና ሌላ ሰው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተከለ። እሱ ናፍጣ አይገዛም፤ ስለዚህ በኪሎ የሚያስከፍለው ከእኛ ያነሰ ነው። ግማሹ ሰው ወደዚያ ሄደ። ሞተሩ ከመሰበሩ በፊት በነበሩት ወራት የሚገባው በወር 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ ናፍጣ 8 ሺህ፣ ለፈጪው ልጅ 4 ሺህ፣ ለዘይት፣ ለቺንጊያና ለድንጋይ ማስወቀሪያ 1,500 ይወጣል። የሚተርፈው 1,500 ብር ነው።

ክራንኩ ተሰብሯል። ማሠሪያው 170 ሺህ። እንዳለ ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው ደግሞ 60 ሺህ ይሰጣል። ካደስነው ይህ 60 ሺህ ይቀርብናል። ስለዚህ የማደሱ እውነተኛ ዋጋ 170 ሳይሆን 230 ሺህ ነው። በወር 1,500 እየተረፈ ይህን ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል። ያውም ሞተሩ ዳግም ካልተሰበረ፣ ናፍጣ ካልጨመረ፣ የቀሩት ደንበኞች ካልሄዱ። ቤቱ እህል ማስቀመጫ ሆኖ ሊከራይ መቻሉን ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።

520 ሺው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የትም አልገባም። የወጣው 50 ሺህ ቢሆንም፣ አንድ ሚሊዮን ቢሆንም መልሱ ያው ነበር። ወንድሜን እንዲህ ብዬ ጠየቅኩት። «አንድ ሰው ይህን የተሰበረ ወፍጮ ዛሬ በነጻ ቢሰጥህ፣ ከራስህ ኪስ 170 ሺህ አውጥተህ ታሠራዋለህ ወይስ በ60 ሺህ ትሸጠዋለህ?» «እሸጠዋለሁ» አለኝ፣ ሳያመነታ። ትንሽ ቆየና «ግን እኮ ብዙ አውጥተንበታል» አለ። ይህቺ «ግን እኮ» ናት የምታስቸግረው። ለመቀጠል የምናቀርበው ምክንያት ሁሉ ከኋላችን ብቻ ከሆነ፣ ወደፊት የሚገኝ ነገር ከጠፋ፣ የሰመጠው ገንዘብ እየጎተተን ነው።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ተው፣ አቁም ማለት አይደለም። መራዊ አጠገብ፣ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አጎት አለን። አንድ ዓመት ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉልበት 70 ሺህ ብር አወጣ። ምርቱ ሲደርስ ዋጋው ወርዶ ኪሎው 10 ብር ገባ። 40 ኩንታል ቢነቅል የሚያገኘው 40 ሺህ ነው። «በ70 ሺህ አልምቼ በ40 ሺህ አልሸጥም፣ እዚያው ይበስብስ!» ብሎ ማሳው ላይ ተወው። ቁጭቱ ይገባኛል። ግን ማስነቀያው፣ ጆንያውና ማጓጓዣው ተደምሮ 18 ሺህ ነበር። ቢያስነቅል 22 ሺህ ብር እጁ ላይ ይቀር ነበር። ኪሳራው 48 ሺህ ይሆን የነበረው 70 ሺህ ሆነ። ኪሎው ከአራት ብር ከሃምሳ በታች ቢወርድ ኖሮ መተዉ ልክ ነበር፤ ያን ጊዜ ማስነቀያውንም አይመልስም። የኔ ወንድም ያለቀውን ገንዘብ አይቶ መቀጠል አለብኝ አለ። አጎቴ ያንኑ ዓይነት ገንዘብ አይቶ መተው አለብኝ አለ። ሁለቱንም ያሳሳታቸው አንድ ነገር ነው።

የውጭ አገር ሰው ከዚህ የጸዳ እንዳይመስላችሁ። በ1985 አርክስና ብሉመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመዋል። አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ቤት የዓመት ትኬት ለመግዛት ከመጡት ሰዎች አንዳንዶቹን ሙሉውን 15 ዶላር አስከፈሏቸው። ለሌሎቹ በዕጣ 2 ወይም 7 ዶላር ቀነሱላቸው። ሁሉም የያዙት ትኬት አንድ ነው። ሆኖም ሙሉ የከፈሉት በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ቲያትር ሄዱ። በሁለተኛው አጋማሽ ልዩነቱ ጠፋ። የከፈሉት ገንዘብ ጎተታቸው፣ ከዚያ ተረሳ። የእኛ ግን ለምን አይረሳም? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ።

እኛ እኮ ለቅሶ ቤት ሄደን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለን እናጽናናለን። ለሞት የምንለውን ለወፍጮ ማለት ያቅተናል። አንዱ ምክንያት ሰው ነው። ዳቦ ቤቱ ማሽን ቢሸጥ የሚያውቅበት ጎረቤት የለም። ወንድሜ ወፍጮውን ቢሸጥ ግን ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይወራል። «የእነ እገሌ ወፍጮ ከሠረ» ይባላል። ይህ የሚመጣ ጉዳት ስለሆነ ሒሳብ ውስጥ ቢገባ አልቃወምም። ከሰመጠው ወጪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግን በስሙ ይጠራ። «የሰው አፍ ፈርቼ ነው» ይባል፣ ከዚያ ያ ፍርሃት 230 ሺህ ብር ያወጣል ወይ ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ምክንያት እኛ ነን፣ ውጭ ያለነው። ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። ያ 520 ሺህ የእኔ የሦስት ዓመት ሌሊት ነው። የወገብ ሕመም አለበት። ስለዚህ በደወልኩ ቁጥር ከእናቴ ጤና ቀጥሎ የምጠይቀው «ያ ወፍጮ ምን አደረሰ?» ነበር። አንድም ቀን «ካላዋጣ ተወው» ብዬው አላውቅም። ወንድሜ ኪሳራውን ለራሱ ቢያምን እንኳ ለእኔ መናገር ነበረበት። ቤት፣ መኪና፣ ሱቅ ብለን ገንዘብ የላክን ሰዎች ስንቶቻችን ይህን እናደርጋለን? ወንድሞቻችን እኛን ላለማስቀየም ሲሉ በተሰበረ ነገር ላይ ሌላ ገንዘብ ይጨምራሉ። ከዚያ እኛው ተመልሰን «ገንዘብ አያያዝ አያውቁም» እንላለን። ይህ ግፍ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ማሽኑን የሸጠው ከእኛ ስለበለጠ አይመስለኝም። የራሱን ገንዘብ ለራሱ ስለወሰነ፣ ቆሞ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ባለፈው እሑድ ደወልኩለት። «ስለ 520 ሺው ዳግመኛ አልጠይቅህም» አልኩት። «አልቋል። አንተ አልበላኸውም፣ መብራት ነው የበላው። ለማንም የምትመልሰው የለህም።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ወንድም ዓለም» አለኝ። «ለመለዋወጫ የሚገዛው ሰውዬ ከሦስት ወር በፊትም መጥቶ ነበር። ያኔ 75 ሺህ ብሎኝ ነበር። ልነግርህ ፈርቼ መለስኩት።»

ነገ ጠዋት ከሞጣ መኪና ይዞ ይመጣል። በ60 ሺው ይጭነዋል።