የእንግዳ ቦታ ሳሎን ነው

«እኛ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን። አብሮን የሚሠራን ሰው በአንድ ቻናል አጥረን፣ የመውጫውን ቀን ቆርጠን መጥራት ነውር ነው።»

ይህን የተናገሩት የምሠራበት ድርጅት ኃላፊ ናቸው። ተጨበጨበላቸው። በማግስቱም ቻናል በምንላቸው የውይይት ክፍሎች ተከፋፍለን ስለ ሥራ በምንጻጻፍበት በስላክ መድረካችን ላይ በእንግድነት የተመዘገቡት የውጭ ሰዎች በሙሉ ወደ ሙሉ አባልነት ተዛወሩ።

እንግዳ ተቀባይነት ከተነሳ አይቀር እንነጋገርበት። የትኛው ባላገር ነው እንግዳውን ጓዳ አስገብቶ ድስት ሲያስከፍት የታየው? እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላለታል፣ መሄጃው ሲደርስ እስከ በር ይሸኛል። እንግዳውን በመሸኘቱ ነውረኛ የተባለ ሰው አላውቅም። ስላክ ላይ ሙሉ አባል የሆነ ሰው ግን ዝግ ያልሆነውን ቻናል ሁሉ እንደ ልቡ ይከፍታል፤ እሱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት የተጻፈውንም ፈልጎ ያነባል። ለአንድ ቻናል ብቻ የተጠራ እንግዳ የሚያየው ያንን ቻናልና በውስጡ ያሉትን ሰዎች ነው። ልዩነቱ የሳሎንና የጓዳ ነው፤ ክብር የሚነካ ነገር አልታየኝም።

ከቻናሉም በላይ የሚያናድደኝ የቀኑ ነገር ነው። «ሥራው ሲያልቅ እናስወጣቸዋለን» ይሉናል። ማን ነው የሚያስወጣው? ባለፈው ጥቅምት አንዲት የግራፊክስ ባለሙያ ዓመታዊ ሪፖርታችንን እንድታዘጋጅ ለ6 ሳምንት ተቀጠረች። የጋበዛት ባልደረባችን ለመፍጠን ብሎ ሙሉ አባል አደረጋት። ሪፖርቱ ታኅሣሥ ሳይገባ ታተመ፣ ክፍያዋ ተፈጸመ፣ ሁሉም ረሳት። የካቲት ላይ ጋባዧ ራሱ ሥራ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዋ ለምን እንደገባች የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳን አልቀረም። ሐምሌ ላይ ለጨረታ የምናቀርበው ዋጋ ክፍት በሆነ ቻናል ሲመከርበት የጻፈችልን እሷው ናት፦ «ይቅርታ፣ ይህ ለእኔ የሚታይ መሆን ያለበት አይመስለኝም።» በዚያ ጊዜ ለተፎካካሪያችን እየሠራች ነበር።

ጨዋ ሰው ስለሆነች ተረፍን። አሠራራችን ያተረፈልን ምንም ነገር የለም። እዚህ ውስጥ ክፋት የሠራ ሰው ፈልጉ፤ አታገኙም። የተረሳ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ መርሳትን ደግሞ በመተማመን መከላከል አይቻልም። የማያረጅ ግብዣ ጠባቂው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ሲሄድ ጥበቃውም አብሮት ይሄዳል። ቀን ከተቆረጠ ግን ጋባዡ ቢለቅም፣ ቢታመምም፣ ቢረሳም መግቢያዋ በዕለቱ ይዘጋል፤ የጻፈችው መልእክት እንዳለ ይቀራል። እንድትቆይ የሚፈልግ ሰው ካለ ቀርቦ ለምን እንደሆነ ይናገራል። ለማስወጣት ሰው ከሚቀሰቀስ ለማቆየት ቢቀሰቀስ ይሻላል።

«ሥራ መሐል ላይ ቢቋረጥስ?» ያሉም ነበሩ። አስተዳዳሪው ቀኑን ማራዘም የሚፈጅበት አንድ ስኒ ቡና እስኪቀዳ ነው። እኔ የውሉ ማብቂያ ላይ አንድ ሳምንት ጨምሬ እቆርጣለሁ፤ እስከ ዛሬ ሥራው የቆመበት ሰው አላጋጠመኝም።

ደግሞም በገንዘብ እናስላው። በሚከፈልበት የስላክ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ከፋይ አባል እስከ 5 የአንድ ቻናል እንግዶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቀዳሉ። ሙሉ አባልም ሆነ ብዙ ቻናል የሚገባ እንግዳ ግን ይከፈልበታል። እንግዲህ ጓዳችንን ለማሳየት በየወሩ እየከፈልን ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ቀን መቁረጥ የወረደን ፋይል አያስመልስም፤ በሌላ መድረክ ለባለሙያው የከፈትነውን ሰነድም አይዘጋም፣ እሱን ለብቻው መዝጋት ያስፈልጋል። አሮጌ ቻናል ውስጥ የገባ እንግዳም ከእሱ በፊት የተባለውን ሁሉ ወደ ላይ እየሳበ ያነባል። ስለዚህ ለውጭ ሰው አዲስ ቻናል ይከፈትለታል፤ ስለ ደመወዝ ስንጨቃጨቅበት የኖርነው ውስጥ አይጨመርም። ማይክሮሶፍት ቲምስ የሚጠቀሙ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ እዚያ እንግዳን ወደ አንድ ቡድን ማስገባት የቡድኑን መደበኛ ቻናሎች በሙሉ መክፈት ነው።

የስብሰባው ዕለት ከጭብጨባው በኋላ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ከውጭ ሰዎቹ መካከል ጋባዣቸው ሥራ የለቀቀባቸው ስንት ናቸው? የአባላቱን ዝርዝር ከፍቶ መቁጠር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ኃላፊው ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። የግራፊክስ ባለሙያዋ ስም ዛሬ ጠዋትም ከሙሉ አባላቱ ጋር ተደርድሮ ነበር።